ኮሌስትሮሌ ከፍ ሲል ወተቴን እንዴት እንደቀየርኩ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የደም ምርመራዬ ውጤት ሲመጣ ኤልዲኤል የሚባለው፣ ብዙዎቻችን «መጥፎው ኮሌስትሮል» የምንለው፣ 162 ሆኖ አገኘሁት። እኔ ግን አላመንኩም። ስድስት ወር ቀደም ብዬ ሚያዝያ ላይ ስመረመር 131 ነበር፤ በመካከሉ ደግሞ አመጋገቤን የቀየርኩ አይመስለኝም ነበር። ላብራቶሪው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ እንደገና እንዲለካልኝ ለመጠየቅ ሁሉ አስቤ ነበር።

ስሕተቱ ከእኔ ነበር። የሚያዝያው ደም የተቀዳው ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ከሰባት ሳምንት በላይ ወተት፣ ቅቤ፣ ሥጋና እንቁላል አፌ ሳይገባ ተመርምሬ «ጤነኛ ነሽ» ተባልኩ። ኤልዲኤል ደግሞ ለምንበላው ነገር በሳምንታት ውስጥ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ 131 የሁዳዴ ቁጥሬ ነው፣ 162 ደግሞ የቀረው ዓመት ቁጥሬ። ጾም የምትጾሙ ሰዎች ምርመራ ስታደርጉ መጾማችሁን ለሐኪሙ ንገሩት፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ ሁዳዴንና ፍልሰታን ነው የምጾመው፤ ረቡዕና ዓርብን በሥራዬ ምክንያት ትቼዋለሁ። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ወተት የምጠጣባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

ዕድሜዬ 49 ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እንከባከባለሁ። ቁመቴ አንድ ሜትር ከስድሳ፣ ክብደቴ ያኔ 78 ኪሎ ነበር። ሐኪሜ የደም ግፊትም ስኳርም እንደሌለብኝ አይታ፣ መድኃኒት ከማንሳታችን በፊት ሦስት ወር በምግብ እንሞክር አለችኝ። ምን እንደምጠጣ ስትጠይቀኝ «ወተት» አልኳት። «እንግዲያው ወተቱን ቀይሪው» ብላ ወደ ሌላው ጉዳይ አለፈች። በምን ልቀይረው? ይህን ብቻዬን ሱቅ ማቀዝቀዣ ፊት ቆሜ ነው የተማርኩት።

አሜሪካ የሚሸጠው ወተት አራት ዓይነት ነው፦ ሆል ሚልክ፣ ቱ ፐርሰንት፣ ዋን ፐርሰንት እና ስኪም፣ ማለትም ቅባቱ በሙሉ የወጣለት። እኔ ለዓመታት ቱ ፐርሰንት ማለት ከቅባቱ ሁለት በመቶ ብቻ የቀረበት ወተት ይመስለኝ ነበር። ብዙ ጓደኞቼም እንደዚያ ነው የሚያስቡት። አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ከወተቱ ክብደት ውስጥ ስንቱ ቅባት እንደሆነ ነው። መቶ ግራም ቱ ፐርሰንት ውስጥ ሁለት ግራም ቅባት አለ፤ መቶ ግራም ሆል ሚልክ ውስጥ ደግሞ ሦስት ግራም ከሩብ ገደማ። እንግዲህ ከሆል ወደ ቱ ፐርሰንት የሄደ ሰው ያራገፈው ከቅባቱ አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ለኮሌስትሮል ብሎ ቱ ፐርሰንት የሚገዛ ሰው ብዙ የተሻገረ ይመስለዋል፤ የተሻገረው ግን ትንሽ ነው።

ከጠቅላላው ቅባት ይልቅ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው መለያው ላይ ሳቹሬትድ ፋት ተብሎ የሚጻፈው፣ እንደ ቅቤ የሚረጋው ቅባት ነው። በአንድ ኩባያ፣ ማለትም በ240 ሚሊ ሊትር፣ ሆል ሚልክ 4 ተኩል ግራም ገደማ አለው፤ ቱ ፐርሰንት 3 ግራም፤ ዋን ፐርሰንት 1 ተኩል ግራም፤ ስኪም ከምንም አይቆጠርም። ካሎሪው በዚያው ቅደም ተከተል 150፣ 120፣ 100፣ እና ከ80 እስከ 90 ያህል ነው። ፕሮቲኑ ግን በሁሉም 8 ግራም ነው፣ ካልሲየሙም ያው ነው። ወተቱ ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ስኳርም በሁሉም 12 ግራም ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ስኪም ጠጣሁ ብሎ በዚህ በኩል የሚያተርፈው ነገር የለም።

አሁን የእኔን ሒሳብ ላሳያችሁ። «በቀን ሁለት ኩባያ ወተት ነው የምጠጣው» ብዬ ነበር ለሐኪሜ የነገርኳት፤ ጠዋት ሻይ በወተት፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት የፈላ ወተት። አንድ ቀን ማታ የምጠጣበትን ትልቅ ሲኒ ውሃ ሞልቼ መለኪያ ላይ ገለበጥኩት። 350 ሚሊ ሊትር! ሻዬንም ወተት የበዛበት አድርጌ በዚያው ሲኒ ነው የምጠጣው። ቀን ላይ የምገዛው ማኪያቶ ሲጨመርበት የእኔ «ሁለት ኩባያ» ወደ ሦስት መለኪያ ይጠጋል። በሆል ሚልክ 13 ተኩል ግራም የሚረጋ ቅባት ማለት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ኤልዲኤሉን ማውረድ ላለበት ሰው የሚመክረው ጣሪያ ከቀኑ ካሎሪ ከመቶ ስድስት እጅ በታች ነው፤ 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 13 ግራም አካባቢ ይሆናል። ምግብ ሳልቀምስ በወተት ብቻ ጣሪያውን ነክቼዋለሁ።

ይህን ሳይ ደነገጥኩና በማግስቱ ስኪም ገዛሁ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ብዙ ሰው ስለሚደግመው በዝርዝር ልንገራችሁ። ስኪም ሻይ ውስጥ ሲገባ ሻዩ ነጭ አይሆንም፤ እንደ እጣቢ ደብዛዛ ግራጫ ይሆናል። ጣዕሙ ሲጎድልብኝ በአንድ ማንኪያ ስኳር ፈንታ ሁለት አደረግኩ። ሥራ ቦታ ቡናዬ ላይ ደግሞ «ወተት ትቻለሁ» ብዬ ጣዕም ያለውን ክሪመር መጨመር ጀመርኩ። ክሪመሩ በሾርባ ማንኪያ 35 ካሎሪና 5 ግራም ስኳር አለው፤ እኔ ደግሞ የማፈሰው ሦስት ማንኪያ ያህል ነበር። ማታ የምጠጣው ስኪምም ሆዴን አይዝልኝም ነበርና ከጎኑ ዳቦ መቁረጥ ለመድኩ። በሦስት ሳምንት ሚዛን ላይ ስወጣ 78 ኪሎ፣ ንቅንቅ የለም። ከወተቱ የቀነስኩትን ካሎሪ በስኳር፣ በክሪመርና በዳቦ መልሼ በልቼዋለኋ።

ለክብደት ብላችሁ ወተት የምትቀይሩ ሰዎች መመልከት ያለባችሁ ይህን ነው። ከሆል ወደ ስኪም ስትሄዱ በኩባያ የምታተርፉት 65 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ቁራጭ ዳቦ ይበልጠዋል። ቅባት የወጣለት ወተት ከጠጣችሁ በኋላ ሌላ ነገር የምትፈልጉ ከሆነ ለእናንተ አይሠራም፤ አንድ እርከን ከፍ በሉ። ይህንን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ለአንድ ሳምንት ከወተቱ ጋርና ከወተቱ በኋላ አፋችሁ የገባውን ሁሉ መጻፍ ነው። እኔ የዳቦውን ነገር ያወቅኩት ጽፌው ሳየው ነው።

በዚያን ጊዜ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኔ ጋ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ላም ስታልብ፣ ወተት ስትንጥ የኖረች ሴት ናት። የስኪሙን ጋሎን ከፍቼ ስቀዳላት ቀመሰችና «ምነው ልጄ፣ በውሃ በረዙብሽ እኮ» አለችኝ። «ቅባቱ ወጥቶለት ነው እማዬ» ስላት ትንሽ አሰበችና «ታዲያ አሬራ ነው በይኛ! ሳይረጋ የተናጠ አሬራ» አለች።

ይህ አነጋገሯ ነገሩን ከሐኪሙም ከመለያውም በላይ አስረዳኝ። ለእኛ ቅባቱ የወጣለት ወተት አዲስ ነገር አይደለም። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ የሚቀረው አሬራ ቅባቱ ትንሽ ነው፤ አሬራው ሞቆ የሚወጣው አይብም ስለዚህ ከፈረንጁ ቺዝ ጋር በቅባት አይወዳደርም። ቅባቱ የሄደው ቅቤው ውስጥ ነው። ቅቤውስ የት ሄደ? ወጥ ውስጥ። ይህን ጥያቄ ያኔ ብጠይቅ ኖሮ ሦስት ወር አላባክንም ነበር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እማዬ «ሙሉውን ወተት አፍዪና ስልባቦቱን ግፈፊው፣ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው» አለችኝ። እንሞክረው ብለን አራቱንም ወተት ገዛን፤ በትንሽ ድስት ተራ በተራ አፈላንና በአራት ሲኒ ቀድተን አቀዘቀዝነው። ሆል ሚልኩ ላይ ወፍራም ቢጫማ ስልባቦት ያዘ፤ እማዬ በጣቷ አንስታ ስታሸው ጣቷ ወዛ። ስኪሙም ላይ ስልባቦት ያዘ! እንደ ስስ ወረቀት የተጨማደደ፣ ሲያሹት የማያወዛ። ይህ ሁለታችንንም አስገረመን፤ ስልባቦት ማለት ቅባት ብቻ ይመስለን ነበርና። የወተቱ ፕሮቲን በሙቀት ተያይዞ ነው ያን ሽፋን የሚሠራው፤ ቅባት ካለ አብሮ ይይዘዋል እንጂ ሽፋኑ ራሱ ቅባት አይደለም።

ይህ ለምን ይጠቅማል መሰላችሁ፦ ከሱቅ የሚገዛው ሆል ሚልክ አብዛኛውን ጊዜ ቅባቱ በማሽን ደቅቆ ከወተቱ ጋር የተዋሐደ ነው። ሌሊቱን ቢያድር ቅባቱ ወደ ላይ አይንሳፈፍም። እሱን አፍልታችሁ ስልባቦቱን ብትገፍፉት የምታወጡት ጥቂቱን ነው፤ ሲኒው ውስጥ የቀረው አሁንም ሙሉ ወተት ነው ማለት ይቻላል። ካርቶኑ ላይ ሆሞጂናይዝድ የሚል ካያችሁ በመግፈፍ አትድከሙ፤ ከመጀመሪያው ዋን ፐርሰንት ግዙ።

አገር ቤት ከላም የሚመጣ ወተት ግን ሌላ ነው፤ የእማዬ ዘዴ እዚያ ይሠራል። ወተቱን በደንብ ታፈሉትና ክዳን አድርጋችሁ ታቀዘቅዙታላችሁ፤ ፍሪጅ ውስጥ ሳይነካ ያድራል። ጠዋት ላይ የሚገኘው ወፍራም ቢጫ ንብርብር ቅባቱ ነው። ድስቱን ሳትንጡ በሰፊ ማንኪያ ከዳር ወደ መሐል ትገፍፉታላችሁ። ሁሉም አይወጣም፤ ስኪም ሆነ ብላችሁም አትቁጠሩት፤ ግን ብዙውን ታወጣላችሁ። የሐበሻ ላም ወተት ከፈረንጅ ላም ወተት ይልቅ ቅባቱ ስለሚበዛ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አንድ ነገር ግን አስታውሱ፦ የተገፈፈው ቅባት ወጥ ውስጥ ከተጨመረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። አብሮ የሚሄደው ቫይታሚን ኤ ደግሞ እዚህ አሜሪካ በስኪሙ ላይ ተመልሶ ይጨመራል፤ በቤት በተገፈፈው ላይ የሚጨምርለት የለም። ስለዚህ ጎመንና ካሮት ከማዕድ አይጥፋ።

እኔ ከስኪም ወደኋላ ተመልሼ በእርከን ወረድኩ። ሁለት ሳምንት ቱ ፐርሰንት ብቻ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቱ ፐርሰንቱንና ዋን ፐርሰንቱን በአንድ ማሰሮ እኩል እየቀላቀልኩ። ከዚያ ዋን ፐርሰንት ብቻ። በአንድ ወር ምላሴ ለመደው፤ ስኳሩም ወደ አንድ ማንኪያ ተመለሰ፤ የማታውም ወተት ያለ ዳቦ ይበቃኝ ጀመር። ስኪሙንም አልጣልኩትም። ማኪያቶ ላይ ስኪም ከሆል ሚልክ ያልተናነሰ አረፋ ይሠራል፤ አረፋውን የሚይዘው ፕሮቲኑ ስለሆነ ነው፤ ቡናውም ስለሚበረታ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። የአጃ አጥሚት ስሠራም ስኪም ነው የማደርገው፤ አጃው ራሱ ስለሚያወፍረው ማንም አይለይም። ሻይ ላይና ባዶውን ስጠጣ ግን ዋን ፐርሰንት። የማታውን ትልቅ ሲኒም በ240ዋ ቀየርኳት።

በዚህ ዓይነት ከወተት የማገኘው የሚረጋ ቅባት ከ13 ተኩል ወደ 3 ግራም ገደማ ወረደ። ጥር መጨረሻ ላይ ደስ ብሎኝ ልመረመር ሄድኩ። ኤልዲኤል፦ 155።

ሰባት ነጥብ! ሐኪሜም አላሞጋገሰችኝ፤ «ይህን ያህል ልዩነት ያለ ምንም ለውጥም ከቀን ወደ ቀን ሊታይ ይችላል» አለችኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። እማዬ ወጥ እየሠራች ነበር፤ የንጥር ቅቤውን ብልቃጥ ከፍታ በሾርባ ማንኪያ እየጨለፈች ድስቱ ውስጥ ስትጨምር ቆሜ አየኋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ያን ወጥ ሁለት ሆነን በሁለት ቀን ነው የምንጨርሰው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም ገደማ የሚረጋ ቅባት አለው፤ ሁለት ኩባያ ሆል ሚልክ ውስጥ ካለው ብዙም አያንስም። በቀን የምትደርሰኝ አንዷ ማንኪያ ከወተት ያተረፍኩትን አብዛኛውን ትመልሰው ነበር። በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ጨጨብሳ ወይም ፍርፍር በቅቤ አለ።

የተጠና ነገርም አለ፦ በእኩል ቅባት ሲነጻጸሩ ቅቤ ከቺዝ ይልቅ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። ለዚህ ነው አሁን ሰው ሲጠይቀኝ «ወተትሽን ሳይሆን ቅቤሽን አስቀድመሽ ቁጠሪ» የምለው። በቀን አንድ ትንሽ ሲኒ ወተት ብቻ የሚጠጣና ወጡን በንጥር ቅቤ የሚበላ ሰው ስኪም በመጠጣት ራሱን ቢቀጣ የሚያገኘው ነገር በጣም ትንሽ ነው። እንደ እኔ ሦስት ኩባያ የሚጠጣ ከሆነ ግን ሁለቱንም ያስፈልገዋል።

እማዬን ማሳመን ቀላል አልነበረም። «ቅቤ የሌለው ዶሮ ምን ሊባል ነው?» አለችኝ። ተስማማን፦ በዓል ሲሆን ዶሮው በቅቤ፣ በአዘቦት ቀን ወጡ በዘይት ተሠርቶ ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ለመዓዛ ብቻ። መዓዛው የሚመጣው ከኮረሪማውና ከኮሰረቱ ስለሆነ መጨረሻ ላይ የተጨመረች አንድ ማንኪያ አፍንጫን ታሳምናለች። ጨጨብሳውን ወደ ቅዳሜ አዛወርነው።

ቀጣዩን ምርመራ ከፋሲካ በኋላ ሁለት ወር ጠብቄ ሰኔ ላይ አደረግኩ፤ የሁዳዴው ቁጥር እንዳያታልለኝ። 139 ሆነ። ክብደቴ 75። ሐኪሜ ለጊዜው መድኃኒቱን እናቆየው አለች፤ በየስድስት ወሩ እያየን ነው። ኤልዲኤሉ 190ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ስኳር ያለበት፣ ወይም ልቡን ታሞ የሚያውቅ ሰው ግን ወተት እየቀየርኩ ልጠብቅ አይበል፤ የእሱ ጉዳይ ከመጀመሪያው ከመድኃኒት ጋር ነው። የታዘዘለትንም በእኔ ታሪክ ምክንያት እንዳያቆም።

ቤታችሁ ሕፃን ካለ ደግሞ የእናንተን ወተት ለሱ አትቅዱለት። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ የላም ወተት ከጠጣ የሚሰጠው ሙሉው ነው፤ ቅባቱ ያስፈልገዋል። የእህቴ ልጅ እኛ ጋ ሲውል ትንሽ ሆል ሚልክ ለብቻ እገዛለሁ፤ በቀለሙ እንዳላምታታ ክዳኑ ላይ ፕላስተር እለጥፍበታለሁ።

በጾም ወራት የወተት ምትክ የምትጠጡም መለያውን ገልብጡት። ያልጣፈጠ የአኩሪ አተር ወተት ፕሮቲኑ ለላም ወተት ይጠጋል፣ የሚረጋ ቅባቱም ትንሽ ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው የኮኮናት ወተት ግን የጾም ቢሆንም በሚረጋ ቅባት ከሆል ሚልክ ይብሳል። ባለፈው ሁዳዴ እኔም ማታ ማታ በእሱ አጥሚት ልሠራ ገዝቼ ነበር፤ መለያውን ሳነብ ለጎረቤቴ ሰጠኋት፤ እሷ ደግሞ ኤልዲኤሏ 90 ነው።